የፒንፖንግ ሰርቭ ስፒን ከተጋጣሚ ራኬት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ «አሰልጣኝ፣ ሰላም ነዎት? እኔ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው የምኖረው። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ፒንፖንግ እንጫወታለን። አንድ ልጅ ግን በሰርቭ ብቻ ይጨርሰኛል። አንዴ ስመልስ ኳሷ መረብ ውስጥ ትገባለች። በዚያው አወዛወዝ ሰርቶ ደግሞ ስመልስ ከጠረጴዛው ውጪ ትበራለች። አንዳንዴም ወደ ጎን ትሸሽብኛለች። እጁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ። አዲስ ራኬት ካስመጣሁ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ስፒኑን፣ ማለትም የኳሷን ሽክርክሪት፣ ቀድሜ የማውቅበት መንገድ አለ?»

ምላሽ፦

አለ። እንዲያውም ሦስቱንም ችግር አንድ ደንብ ይይዛቸዋል። ኳሷ ካንተ ራኬት ስትነሣ፣ የሱ ራኬት በነካት ቅጽበት ይሄድ ወደነበረበት አቅጣጫ ታደላለች። ወደ ታች እየወረደ ከነካት፣ ካንተ ራኬት ወደ ታች ትወርዳለች፤ መረብ ትገባለች ማለት ነው። ወደ ላይ እየወጣ ከነካት ወደ ላይ ትበራለች። ወደ ጎን ከጠረጋት ወደዚያው ጎን ትሸሻለች። ስለዚህ ስትመልስ ማነጣጠር ያለብህ ወደ ተቃራኒው፣ ራኬቱ ወደመጣበት በኩል ነው። ከላይ ወረደ? ከፍ አድርገህ አነጣጥር። ከታች ወጣ? ዝቅ አድርግ። ከቀኝህ ወደ ግራህ ጠረጋት? ወደ ቀኝህ አነጣጥር።

ደንቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ «በነካት ቅጽበት» የምትለው ቃል ናት። ያ ልጅ የሚበልጥህም እዚያች ላይ ነው።

ወደ እጁ ከመሄዳችን በፊት ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ምን እንደምትሆን እንይ። ራኬቱን ሳታይ ብትቀር ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥህ ንጥረቱ ነውና።

የፒንፖንግ ኳስ ዲያሜትሯ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 2.7 ግራም ነው። ዙሪያዋ 12.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በሰከንድ 40 ጊዜ ብትሽከረከር፣ የውጪው ገላዋ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። ጠንካራ ተጫዋች ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ሲመታት በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ትዞራለች። አሁን አንድ አጭር ሰርቭ እንውሰድና ኳሷ በሰከንድ 4 ሜትር ወዳንተ እየመጣች ነው እንበል።

ባክስፒን ከሆነች፣ ማለትም ራኬቱ ወደ ታች እየወረደ ከጠረጋት፣ ጠረጴዛውን የሚነካው የኳሷ ሆድ የሚሽከረከረው ወዳንተ ነው። የጉዞው 4 ሜትርና የሽክርክሪቱ 5 ሜትር ይደመራሉ። ሆዷ ጠረጴዛውን በሰከንድ 9 ሜትር እየፈተገ ያልፋል ማለት ነው። ሰበቃ ሁልጊዜ የሚጎትተው ከመንሸራተቱ በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ኳሷን ወደኋላ ይይዛታል። ኳሷ ወደፊት መሄዷ ይቀንስና ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትነሣለች፤ አየር ላይ የቆመች ትመስላለች። ስፒኑ በጣም ከበዛና ጉዞዋ ከዘገየ ደግሞ ጭራሽ ወደ መረቡ ትመለሳለች። ይህን ለማየት ተጫዋች አያስፈልግህም። ኳሷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘህ ጨመቅ አድርገህ ወደፊት አፈትልካት። ወደፊት እየሄደች ወዳንተ ትሽከረከራለች፤ ጠረጴዛውን ስትነካም ዞራ ትመጣልሃለች።

ቶፕስፒን ከሆነች፣ ማለትም ራኬቱ ወደ ላይ እየወጣ ከጠረጋት፣ ነገሩ ይገለበጣል። ሆዷ የሚሽከረከረው ወደ ሰጪው ነው። የ4 ሜትሩ ጉዞ ከ5 ሜትሩ ሽክርክሪት ያንሳል፤ ሆዷ በሰከንድ 1 ሜትር ወደኋላ ይንሸራተታል። ሰበቃው አሁን ወደፊት ይገፋታል። ጭቃ ላይ ጋዝ የተሰጠው የባጃጅ ጎማ አስፋልት ሲያገኝ እንደሚስፈነጠረው ነው። ሽክርክሪቱና ጉዞው እኩል ከሆኑ ደግሞ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ተንከባላ ያለፈች ያህል ነው፤ ፍጥነቷን ብዙም አታጣም። ብዙ ጊዜ «ከነጠረች በኋላ ፈጠነች» የምንለው ይህንኑ ነው። የእውነት ፈጥና ላይሆን ይችላል። ዓይንህ እንደ ሌላው ኳስ ትቀንሳለች ብሎ ሲጠብቅ ሳትቀንስ ስለመጣችበት ነው። ከጠረጴዛው የምትነሣበት ማዕዘንም ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ሆድህ ትገባለች።

ስፒን የሌላትስ? እሷም 4 ሜትሯን እየፈተገች ስለምታርፍ ትንሽ ትቀንሳለች፤ ስትነሣም ጥቂት ቶፕስፒን ይዛ ነው። ይህን አትናቀው። ያ ልጅ ከጠረጴዛ ውጪ ከሚያስበርርህ ሰርቭ ውስጥ የተወሰነው ቶፕስፒን ሳይሆን ምንም የሌለው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንተ ባክስፒን ነው ብለህ ራኬትህን ወደ ላይ ከፍተህ ትጠብቃለህ። ባዶዋ ኳስ ትመጣና ራኬትህ በሚያይበት አቅጣጫ ወደ ላይ ትሄዳለች።

ሳይድስፒን ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ኳሷ ጠረጴዛውን ስትነካ ወደ ጎን ትዘላለች ብሎ ያስባል። ንጹሕ ሳይድስፒን ማለት ኳሷ ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ዙሪያ፣ እንደ እንዝርት ስትሽከረከር ነው። የዘንጉ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ጫፉ ደግሞ ዝም ብሎ ባለበት ይዞራል እንጂ ወደ የትም አይፈትግም። ስለዚህ ንጥረቱ ላይ ለውጡ ትንሽ ነው። ያየኸው መታጠፍ አየር ላይ የጀመረውና ከንጥረቱ በኋላም የቀጠለው ነው። ጉዱ የሚፈላው ራኬትህ ላይ ነው። ራኬትህ የሚነካት ሆዷን ሳይሆን በፍጥነት ወደ ጎን የሚሮጠውን ግንባሯን ስለሆነ፣ ላስቲኩ ይይዛትና ወደ ጎን ይወረውራታል። ጠረጴዛው ላይ በጣም ወደ ጎን የምትዘል ኳስ ካየህ፣ ዘንጓ እንደ ተተኮሰ ጥይት ወደ ጉዞዋ አቅጣጫ የተኛ ነው። እሱ የተለየ ሰርቭ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ብዙም አይገጥምህም።

አንድ የጎንደር ጉዳይ እዚህ ላይ ልጨምር። ኳስ አየር ላይ የምትታጠፈው አየሩ ስለሚገፋት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ስፒን እዚህ አየር ላይ የሚያሳየው መታጠፍ ያንሳል። ቶፕስፒኗ በደንብ አትደፋም፣ ሳይድስፒኗ በደንብ አትቀለበስም። ንጥረቱና ራኬትህ ላይ የሚደርሰው ግን አይቀንስም፤ እሱ የሰበቃ ሥራ ነው። ዩቲዩብ ላይ «የኳሷን መታጠፍ ተመልከት» የሚሉ የውጭ አሰልጣኞች እውነታቸውን ነው፣ ግን የነሱን አየር ይዘው ነው የሚያወሩት። ማራኪ ላይ የኳሷን መንገድ ከጠበቅህ ስፒኑ ካለው ያነሰ ይመስልሃል። ለዚህ ነው ራኬቱን ማንበብ እዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ወደ እጁ እንምጣ።

ከገለጽክልኝ ስነሣ ልጁ የሚሰጠው ፔንዱለም የሚባለውን ሰርቭ ነው። በፎርሃንድ፣ ማለትም ራኬት በያዘበት እጁ ጎን፣ የራኬቱን ጫፍ ወደ ታች አንጠልጥሎ፣ ከራሱ ቀኝ ወደ ግራ ያወዛውዘዋል። ሁለታችሁም ቀኝ እጅ ተጫዋች ናችሁ ብዬ ነው የምቀጥለው። እሱ ግራኝ ከሆነ የጎኑን ነገር ሁሉ ገልብጠው።

የዚህ ሰርቭ ምስጢር መንገዱ ቅስት መሆኑ ነው። የራኬቱ ጫፍ መጀመሪያ ይወርዳል። ከዚያ ከቅስቱ ግርጌ ላይ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ቅስቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እጁ አንድ ዓይነት የመሰለህ እውነትም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የሚለውጠው ኳሷን ከቅስቱ የት ላይ እንደሚያገኛት ብቻ ነው። ገና እየወረደ ሳለ ካገኛት ጎንና ባክስፒን የተቀላቀለባት ኳስ ትመጣለች። ግርጌው ላይ ካገኛት ሳይድስፒን ብቻ ማለት ይቻላል። መውጣት ከጀመረ በኋላ ካገኛት ጎንና ቶፕስፒን ናት። መረብ ያስገባህ የመጀመሪያው ነው፤ ወደ ላይ ያስበረረህ ሦስተኛው ወይም ባዶው ነው።

ሁለት ነገር ነው ዓይንህን የሚያታልለው። አንደኛው ወደ ላይ የተወረወረችው ኳስ ናት። ደንቡ ከተከፈተ መዳፍ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር እንድትወረወር ያዛል፤ ልጁ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወረውራት ይችላል። ዓይንህ ተከትሏት ይወጣል፣ ተከትሏት ይወርዳል፣ በዚህ መሃል ራኬቱ መነሻውን ጨርሷል። ኳሷ መውረድ ስትጀምር ዓይንህን ከሷ ላይ አንሣና እጁ አንጓ ላይና ራኬቱ ጫፍ ላይ ትከለው። ኳሷ ራሷ ወደዚያው ትመጣልሃለች።

ሁለተኛው ከነካት በኋላ ያለው ጭፈራ ነው። ጎበዝ ሰጪ ባክስፒን ሰጥቶ ራኬቱን ወደ ትከሻው ያወጣዋል፤ ቶፕስፒን የሰጠ እንዲመስልህ። ሌላው ደግሞ ባዶ ሰጥቶ ራኬቱን ወደ መሬት ይሰብቀዋል። ራኬትና ኳስ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ያን ዓይን አያየውም፣ አትድከም። የሚታየው ከመንካቱ በፊት ያለው አንድ ስንዝርና ከነካ በኋላ ያለው አንድ ስንዝር ነው። እነዚያን ሁለት ስንዝሮች በሐሳብህ አገናኛቸው። መስመሩ ወደ ታች ካዘነበለ ባክስፒን አለበት። ከዚያ በኋላ ራኬቱ የትም ይሂድ የት፣ ኳሷ ቀድማ ሄዳለች፤ አይመለከታትም።

አቅጣጫውን ካወቅህ በኋላ መጠኑ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የእጁን ፍጥነት ብቻ ያያል፤ አይበቃም። ኳሷ የራኬቱን የትኛውን ቦታ እንደነካች ተመልከት። ፔንዱለም ሲወዛወዝ እጀታው አካባቢ ቀስ ይላል፣ ጫፉ ግን ይበራል። ጫፉ አካባቢ የተነካች ኳስ ስፒኗ ብዙ ነው። በዚያው ፍጥነት እጀታው አጠገብ የተነካች ኳስ ባዶ ልትሆን ትችላለች። ጆሮህንም አትርሳው። በስሱ የተጠረገች ኳስ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ እምብዛም አይሰማም። ጎላ ያለ «ጧ» ከሰማህ መታት እንጂ አልጠረጋትም፤ ስፒኗ ትንሽ ነው። ሰርቭ ሲሰጡ እግራቸውን መሬት የሚመቱ ተጫዋቾችን ታያለህ አይደል? ከሚመቱበት ምክንያት አንዱ ይህ ድምፅ እንዳይሰማ ነው።

ራኬቱ ካመለጠህ ኳሷን ጠይቃት። ከመንካቱ እስከምትመልሳት ድረስ ያለህ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፣ ግን ለአንድ እርማት ይበቃል። ጎንና ባክስፒን ያለባት ቀስ ብላ፣ የተንሳፈፈች መስላ ትመጣለች፤ አንተ ጋ ነጥራም ትቆማለች። ጎንና ቶፕስፒን ያለባት ከእጁ ፈጠን ብላ ትወጣለች፤ ነጥራም ወዳንተ መምጣቷን አታቆምም። አጭር መስላ ከጠረጴዛው ጠርዝ ካለፈች ባክስፒኗ ትንሽ ወይም ምንም ነው ብለህ ጠርጥር። ኳሷ ላይ ያለው ማኅተም በግልጽ ከታየህ ባዶ ናት፤ ከደበዘዘ እየተሽከረከረች ነው። ማኅተሙ በደንብ እንዲታይ ብርሃን ይፈልጋል። ምሽት ላይ በአንድ አምፖል ሥር የምትጫወቱ ከሆነ እሱን ተወው።

አሁን አንድ ኳስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንመልስ። ልጁ ኳሷን ወርውሯል። ራኬቱ እየወረደ ሳለ፣ ከጫፉ አካባቢ፣ ድምፅ በሌለው ጠረጋ አገኛት። ከዚያ ራኬቱን ወደ ላይ አወጣው፤ አንተ አላየህለትም። ያነበብከው ብዙ ባክስፒንና ጎን ነው። በፔንዱለም ራኬቱ የሚሄደው ከሱ ቀኝ ወደ ግራው ነው፤ ካንተ ሲታይ ከግራህ ወደ ቀኝህ። ስለዚህ ዝም ብለህ ብትነካት ወደ ታችና ወደ ቀኝህ ትሸሻለች። ማነጣጠር ያለብህ ወደ ላይና ወደ ግራህ ነው። በጠረጴዛው ሲታይ ግራህ ማለት የሱ ፎርሃንድ ማዕዘን ነው። ወደዚያ ካነጣጠርክ ስፒኑ ራሱ ወደ መሃል ይመልስልሃል።

እግርህን ጠረጴዛው ሥር አስገባ፤ አጭር ኳስን ከሩቅ እጅን ዘርግቶ መመለስ አይሆንም። የራኬትህን ፊት ወደ ላይ ከፈት አድርግ። ኳሷ ነጥራ ገና ስትነሣ፣ ከፍታዋ ላይ ሳትደርስ፣ ከመሃሏ በታች ንካትና ወደፊት ግፋ። ወደ ላይ አታንሣት። መረብ የሚፈራ ሰው ራኬቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ኳሷ ትከሻ ላይ ትወጣና ለስማሽ ትመቻለች። መረቡ 15.25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የራኬቱ መከፈት ከፍታውን ይሰጥሃል፤ እጅህ ርቀቱን ብቻ ይስጥ። ስፒኑ በበዛ መጠንም ቀስ ማለት ሳይሆን ጠንከር ብሎ ወደፊት መግፋት ነው የሚያዋጣው። በእርግጠኝነት የተገፋች ኳስ ላይ የሱ ስፒን የሚኖረው ድርሻ ያንሳል። ለስለስ ብለህ ስትነካት ግን ኳሷን የምትመራው የሱ ስፒን እንጂ አንተ አይደለህም።

ቀጣዩ ሰርቭ በዚያው አወዛወዝ መጣ፣ ግን ራኬቱ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው የነካት። ጎኑ ያው ስለሆነ ማነጣጠሪያህ አሁንም ግራህ ነው። የሚለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። የራኬትህን ፊት ወደ ጠረጴዛው ደፋ አድርግ፣ ከኳሷ መሃል ከፍ ብለህ ንካት፣ እጅህን አሳጥረህ ወደፊት ሂድባት። ሁለቱን ሰርቮች የሚለየው የራኬትህ መከፈትና መደፋት ብቻ መሆኑ ሥራህን ያቀልልሃል። ጎኑን ሰርቩን ስታይ አስቀድመህ ጨርሰኸዋል፤ የቀረህ አንድ ጥያቄ ነው፦ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ?

ካልገባህም የተሳሳትከው ኳስ ራሱ ይነግርሃል። መረብ ከገባች ካነበብከው የበለጠ ባክስፒን ነበረባት። ከበረረች ካነበብከው ያነሰ ነበር። በጎን ከወጣች የጎኑን መጠን ዝቅ አድርገህ ገምተሃል። ስለዚህ ነጥብ ስትነጠቅ እጅህን አትርገም። ኳሷ የት እንደሄደች አስታውስና ያየኸው የራኬት መንገድ ጋ አዛምደው። ያ ልጅ ያለው ሦስት አራት ሰርቭ ነው፤ ብዙ አይደለም።

አዲሱ ራኬት ለምን እንዳባሰብህ ከላይ ካልኩት ይወጣል። ሰፈር ውስጥ ለሁሉም የሚቀመጡት ራኬቶች ላስቲካቸው በአቧራና በዕድሜ ለስልሶ አልቋል። ኳሷ እዚያ ላይ ትንሸራተታለች፤ የሱ ስፒን አይይዝም። በአሮጌው ራኬት የምትመልሰው ስላነበብከው ሳይሆን ራኬቱ ስላልተሰማው ነበር። አዲሱ ላስቲክ ኳሷን ይይዛል፤ ሲይዝ የሱን ስፒን በሙሉ ይቀበላል። ራኬቱን አትመልሰው። በዚያው መያዝ አንተም ስፒን ትሰጥበታለህ። ከጨዋታ በኋላ በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፤ ያለበለዚያ በጋ ላይ በአቧራ፣ ክረምት ላይ በእርጥበት እሱም ያንሸራትት ይጀምራል። አቧራማ ኳስም እንዲሁ ናት፤ ሰርቭ ከመቀበልህ በፊት ብትጠረግ ማንበብህ ከሚሆነው ጋር ይገጥማል።

ጠረጴዛውም ድርሻ አለው። ሸካራ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ኳሷን ይይዛል፤ ባክስፒኗ በደንብ ትቆማለች፣ ቶፕስፒኗ በደንብ ትገፋለች። ዘይት ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ግን ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ባክስፒን ሳትቆም ተንሸራታ ዝቅ ብላ ትመጣለች። ስፒኗ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ጠረጴዛው ስላልነጠቃት ብዙው ራኬትህን ይጠብቃል። ውጪ ከሚገኝ ጠረጴዛ ወደ አዳራሽ ስትገቡ፣ ወይም ከአዳራሽ ስትወጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰርቮች ነጥረው ምን እንደሚሆኑ ብቻ ለማየት ተጠቀምባቸው።

ልምምዱ ላይ ብዙ አልሰጥህም፤ አንዱ ይበቃል። ልጁን ወይም ሌላ ጓደኛህን ለምነውና ሰርቭ ብቻ ይስጥህ። አንተ ራኬት አትያዝ። ኳሷ መረቡን ሳታልፍ «ታች»፣ «ጎን»፣ «ላይ» ወይም «ባዶ» ብለህ ጮክ በል። ከዚያ ተዋት፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስቴ ትንጠር። «ታች» ያልካት ቆማ ወደ መረቡ ካዘነበለች ልክ ነህ። ሮጣ ከጠረጴዛው ከወደቀች ዓይንህ ራኬቱን ሳይሆን ጭፈራውን ነው የተከተለው። መመለስ ስለሌለብህ አትፈራም፤ ካልፈራህ ደግሞ ራኬቱን ታያለህ። አብዛኛው ሰው ስፒን የማያነበው የመልሱን እጅ ቀድሞ ማዘጋጀት ስለሚጀምር ነው።

አንድ ነገር አረጋግጥ። ልጁ በሚሰጥበት ጊዜ ኳሷንና ራኬቱን በነፃ እጁ ወይም በትከሻው ይሸፍንብሃል? ከሸፈነ ችግሩ ያንተ ዓይን አይደለም። ሰጪው ነፃ እጁን ከመሃል እንዲያወጣና ኳሷን ከተቀባዩ እንዳይሸፍን የዓለም አቀፉ ደንብ ከ2002 ጀምሮ ያዛል። ኳሷም የምትመታው ከጠረጴዛው ጠርዝ መስመር ኋላ ሆና፣ ከጠረጴዛው ከፍታ በላይ ነው። በወዳጅነት ንገረው፤ ሰፈር ውስጥ አብዛኛው ሰው ሆን ብሎ ሳይሆን ሳያውቀው ነው የሚሸፍነው።

ደግሞም ራኬቱን ከጨዋታ በፊት ተቀብለህ ገልብጠህ እየው፤ መብትህ ነው። ሁለቱ ጎኖች ቀለማቸው የሚለያየውም ተጋጣሚ የትኛው ጎን እንደነካት እንዲያውቅ ነው። አንዱ ጎን ረጃጅም ጥርስ ያለው ላስቲክ ከሆነ የነገርኩህ ደንብ በሰርቩ ላይ ይሠራል፣ በጨዋታው መሃል ግን ይከዳሃል። ጥርስ የሌለው የተለመደው ላስቲክ ኳሷን ይዞ ሽክርክሪቷን ይገለብጣል። ረጃጅሞቹ ጥርሶች ግን ተጣጥፈው ያሳልፏታል፤ ያንተው ሽክርክሪት ሳይለወጥ ይቀጥላል። ኳሷ አሁን ወዳንተ ስለምትመጣ፣ ቶፕስፒን አድርገህ የላክሃት ባክስፒን ሆና ትመለሳለች። በባክስፒን የገፋሃት ደግሞ ቀለል ያለ ቶፕስፒን ወይም ባዶ ሆና ትመጣለች፤ የሱ ራኬት ወደ ታች ቢቆርጥም። እንዲህ ያለ ራኬት ከያዘ፣ በዚያ ጎን በመለሰ ቁጥር የሱን እጅ ተወውና ራስህ መጨረሻ ላይ ምን እንደላክህ አስታውስ።